ፍጥነቱስ? የሞላና የክብደት ስሌት ለምትጽፉ ወጣቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ይህን ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የሁለተኛ ደረጃ ዘዴ ጽፌ በሞላ ላይ በተሰቀለ ክብደት ሞከርሁት። የጊዜ እርምጃውን በግማሽ ስቀንስ ስህተቱ በአራት እጥፍ ይቀንሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን በስምንት እጥፍ ቀነሰ። ዘዴዬ ካሰብሁት በላይ ጥሩ ነው ማለት ነው?» ቁጥሮቹን ላከልኝ። ሳያቸው ከብዙ ዓመት በፊት በራሴ እጅ የጻፍኋቸው መሰሉኝ። መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር መስጠት እችል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ለእኔም ቀርቦልኝ ነበር፣ እኔም በአግባቡ አልመለስሁትም። ስለዚህ ለሁላችሁም መጻፍ መረጥሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። ክብደቱ ከመሃል በራቀ ቁጥር ሞላው ወደ መሃል ይስበዋል። አሃዶቹን እንዲመች አድርገን ስንመርጥ ሁለት እኩልታዎች ብቻ ይቀራሉ፦ `x' = v` እና `v' = -x`። ክብደቱን `x = 1` ላይ ይዘን ያለ ፍጥነት ብንለቀው እውነተኛው መልስ `x = cos(t)` ነው፤ አንድ ዑደት ደግሞ `2π` ይፈጃል። መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የስሌት ዘዴዎችን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ኦይለር በ1768 ያሳተመው ዘዴ አሁን ያለውን የለውጥ ፍጥነት ይዞ አንድ እርምጃ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ክብደቱ ግን መንገዱን እያጠፈ ስለሚሄድ ቀጥታ የሚራመድ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል። ዑደቱን በ100 እርምጃ ብትከፍሉት የውዝዋዜው ስፋት በአንድ ዙር 1 መሆኑ ቀርቶ 1.218 ይሆናል፤ ከአሥር ዙር በኋላ ከሰባት ያልፋል። ይህ ስህተት ራሱን አይደብቅም። ለዚህ ነው ጀማሪ ከኦይለር ይጀምር የምለው። የዛሬ ወጣቶች በአንድ መስመር ትእዛዝ አራተኛ ደረጃውን የሩንገ–ኩታ ዘዴ ያስሮጣሉ፣ የሚያምር ኩርባ ያያሉ፣ ያልፋሉ። ኩርባው ሲበላሽ ያላየ ሰው ሲስተካከልም ምን እንዳየ አያውቅም።

ወደ እኔ ታሪክ ልመለስ። ሥራ በጀመርሁ በአራተኛው ዓመት የንዝረት ስሌት ከሚሠራ ቡድን ጋር ነበርሁ። የእኔ ድርሻ ክብደቱን 6000 ዙር ማወዛወዝና በመጨረሻዋ ቅጽበት ያለበትን ቦታና ፍጥነት ለሌላ ቡድን ማስረከብ ነበር፤ እነሱ የራሳቸውን ስሌት ከዚያ ይጀምራሉ። የመረጥሁት የመካከለኛ ነጥብን ዘዴ ነው። መጀመሪያ ግማሽ እርምጃ ተራምዶ እዚያ ያለውን የለውጥ ፍጥነት ያያል፤ ከዚያ ወደ መነሻው ተመልሶ በዚያ ፍጥነት ሙሉውን እርምጃ ይራመዳል። ከታች `h` የእርምጃው ርዝመት ነው።

```
def step(x, v, h):
    xm = x + h/2 * v
    vm = v - h/2 * x
    return x + h*vm, v - h*xm
```

እንደ ደንቡ ፈተንሁት። አንድ ሙሉ ዑደት ካስኬድሁ በኋላ `x` ከ1 ምን ያህል እንደራቀ ለካሁ። በ50 እርምጃ 0.001424፣ በ100 እርምጃ 0.0001863፣ በ200 እርምጃ 0.0000238 አገኘሁ። አንዱን ለሌላው ሳካፍል መጀመሪያ 7.6፣ ቀጥሎ 7.8 ወጣ፤ ወደ 8 እየተጠጋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ዘዴ እርምጃው በግማሽ ሲቀንስ ስህተቱ በአራት እጥፍ፣ በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ በስምንት እጥፍ መቀነስ አለበት። እኔ ግን ደስ አለኝ። ችግሩ ልዩ ስለሆነ ዘዴው ከደረጃው በላይ ሠራ ብዬ በሪፖርቱ ላይ ጻፍሁ።

በቡድኑ ውስጥ ገና ከትምህርት የወጣች አንዲት ወጣት ነበረች። ያን ጊዜ ውጤት የምናየው በታተመ ወረቀት ነበር፤ ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ያለበት ረጅም የሚታጠፍ ወረቀት፣ ማተሚያው ሲሠራ ክፍሉን በጩኸት ይሞላዋል። እሷ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግታ ተንበርክካ በማስመሪያ ታነብ ነበር። ከሰንጠረዤ ጎን በእርሳስ ሁለት ነገር ጻፈች፦ «ፍጥነቱስ?» እና «ለምን ዙሩ ሲያልቅ ብቻ?»። አምጥታ ስታሳየኝ «ኢነርጂውን አይተሻል? ከስድስት ሺህ ዙር በኋላ እንኳ የጨመረው ከመቶ አራት እጅ አይሞላም፤ ስሌቱ ጤነኛ ነው» አልኋት። ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። «እሺ፣ ገብቶኛል» ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ሄደች። አልገባትም ነበር፣ ምክንያቱም እኔ ያልሁት መልስ አልነበረም።

አሁን ምን እንደጠየቀች ላስረዳ። የተወዛዋዥ ስህተት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የስፋት ስህተት ነው፤ ክብደቱ ከሚገባው በላይ ወይም በታች ይርቃል። ሁለተኛው የጊዜ ስህተት ነው፤ ክብደቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። በመካከለኛ ነጥብ ዘዴ በእያንዳንዱ እርምጃ ስፋቱ በግምት በ`h⁴/8` ያድጋል፣ ጊዜው ደግሞ በ`h³/6` ራዲያን ይቀድማል። የአንድ ዑደት እርምጃዎች ብዛት `2π/h` ስለሆነ፣ በዙሩ መጨረሻ የስፋቱ ስህተት ከ`h³` ጋር፣ የጊዜው ስህተት ከ`h²` ጋር ተመጣጣኝ ይሆናል። ስለዚህ ዘዴው በእውነትም ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ደረጃውን የሚወስነው ከሁለቱ ቀስ ብሎ የሚቀንሰው ነውና።

ታዲያ የጊዜው ስህተት በእኔ ሰንጠረዥ ላይ ለምን አልታየም? ሙሉ ዑደት ሲያልቅ ክብደቱ ያለው በጫፉ ላይ ነው፤ እዚያ ከመመለሱ በፊት ለቅጽበት ይቆማል። የቆመ ነገር ትንሽ ቀድሞ ቢደርስም ቦታው ብዙም አይለወጥም። የጊዜው ስህተት `δ` ከሆነ በ`x` ላይ የሚታየው `δ²/2` ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ነው። በፍጥነቱ ላይ ግን `δ` ሙሉ በሙሉ ይታያል። የዚያኑ ስሌት `v` ብመለከት ኖሮ፣ ዜሮ መሆን ሲገባው በ50 እርምጃ 0.01648፣ በ100 እርምጃ 0.00413፣ በ200 እርምጃ 0.00103 ርቆ አገኘው ነበር። ስታካፍሉት አራት ይወጣል። ያ ቁጥር እዚያው ወረቀት ላይ፣ በሚቀጥለው ዓምድ ታትሞ ነበር።

ኢነርጂውም አይናገርም። ኢነርጂ ስፋቱን እንጂ ሰዓቱን አያውቅም፤ `x` እና `v` አብረው በሚሠሩት ክብ ላይ ክብደቱ የትም ቢሆን ኢነርጂው ያው ነው። እኔ ግን እሷን ዝም ያሰኘሁት በዚሁ ነው።

ለመጨረሻው ሥራ ዑደቱን በ400 እርምጃ ከፈልሁት። በአንድ ዙር የ`x` ስህተት ወደ 0.000003 ስለነበረ በ6000 አባዝቼ 0.018 አገኘሁ፤ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም፣ ለሥራው ይበቃል ተባለ። የጊዜው ስህተት ግን በአንድ ዙር 0.000258 ራዲያን ነበር። በ6000 ሲባዛ 1.55 ይሆናል። ሩብ ዙር 1.571 ነው። ክብደቱ በጫፉ ላይ ቆሞ መገኘት ሲገባው፣ ያስረከብሁት ቁጥር መሃል ላይ በሙሉ ፍጥነት ሲያልፍ የሚያሳይ ነበር፦ `x` 1 መሆኑ ቀርቶ 0.02 ገደማ። የሚቀጥለው ቡድን በዚያ መነሻ አምስት ሳምንት ሠራ። ውጤታቸው ትርጉም ሲያጣ ጥፋቱን በራሳቸው ስሌት ውስጥ ፈለጉ፣ ምክንያቱም የእኔ ሪፖርት «ሦስተኛ ደረጃ» ይል ነበር።

ስህተቱን ያገኘሁት በድንገት ነው። ስሌቱን ዑደቱ ሲያልቅ ሳይሆን `t = 10` ላይ አቆምሁት፤ ምክንያቱም ክቡ ቁጥር ለመጻፍ ቀለለኝ። ወዲያው ምጥጥኑ አራት ሆነ። መጀመሪያ ፕሮግራሙን አበላሸሁት ብዬ ግማሽ ቀን አጠፋሁ። ከዚያ ያንን የታጠፈ ወረቀት አስታወስሁ።

እዚህ ላይ ከላይ ያልሁትን የሚቃረን ነገር ልናገር። አራተኛ ደረጃው ዘዴ ያን ጊዜ ያድነኝ ነበር። ሩንገ በ1895 የጀመረውን ኩታ በ1901 ያሰፋው ይህ ዘዴ በአንድ እርምጃ የለውጡን ፍጥነት አራት ጊዜ ያሰላል፤ የእኔው ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ ፍትሐዊ ንጽጽር በእርምጃ ብዛት ሳይሆን በስሌት ብዛት ነው፦ የእኔ 400 እርምጃ ከእሱ 200 እርምጃ ጋር እኩል ድካም አለው። በ200 እርምጃ አራተኛ ደረጃው በ6000 ዙር ውስጥ የሚስተው ጊዜ 0.0003 ራዲያን ገደማ ነው። በተመሳሳይ ድካም የእኔ 1.55 ነበር። ስለዚህ ተጠቀሙበት፤ ከኦይለር ጀምሩ ማለቴንም አልተውም።

ነገር ግን አራተኛ ደረጃውም ያንኑ ወጥመድ ይዟል። የጊዜ ስህተቱ በዙር ከ`h⁴` ጋር ይሄዳል፣ የስፋቱ ደግሞ ከ`h⁵` ጋር፤ በዙሩ መጨረሻ `x`ን ብቻ ከለካችሁ እርምጃውን በግማሽ ስትቀንሱ አሥራ ስድስት መሆን የሚገባው ሠላሳ ሁለት ይመስላችኋል። አንድ ልዩነት አለው፤ የእኔ ዘዴ ስፋቱን ሲያሳድግና ሲቀድም፣ እሱ ስፋቱን በጣም በትንሹ ይቀንሳል፣ ይዘገያልም። እርምጃውን እጅግ ካሳነሳችሁ ደግሞ የኮምፒውተሩ የቁጥር ማጠጋጋት ስህተት የዘዴውን ስህተት ይሸፍነዋል፣ ምጥጥኑም ይፈርሳል፤ ያ የፕሮግራም ጉድለት አይደለም።

ለጠያቂዬ የጻፍሁለት ይህን ነው፦ ስህተቱን `sqrt((x-cos(t))**2 + (v+sin(t))**2)` ብለህ ለካ፣ `t = 10` ላይም አቁም፤ እርምጃህ 10ን በትክክል ማካፈሉን ግን አረጋግጥ፣ አለዚያ የምታወዳድረው ሁለት የተለያዩ ቅጽበቶችን ነው። በማግስቱ 4.00 አገኘሁ ብሎ ጻፈልኝ፤ ትንሽ ያዘነ ይመስላል።

ያቺ ወጣት ስህተቱን ከማግኘቴ ሁለት ወር በፊት ሥራውን ለቅቃ ሄዳ ነበር። የታረመው ሪፖርት ላይ «ሦስተኛ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ሁለተኛ» ተጻፈ፣ ሰንጠረዡም የፍጥነት ዓምድ ተጨመረለት። ዓምዱ የማን ሐሳብ እንደሆነ የሚገልጽ መስመር አልጻፍሁም።