ለኢንች በተሠራ ቀመር ውስጥ ሴንቲሜትር ሲገባ

ውድ ወጣቶች፣

የሰውነት ስብን በመቶኛ የሚያሰሉ ቀመሮችን ከውጭ ድረ ገጾች እየወሰዳችሁ የምትጠቀሙ ብዙ ናችሁ። ስለ መለኪያ አሃዶች የምጽፍላችሁ አንድ የተለየ ስሕተት ስለሚያሳስበኝ ነው። ክብደታችሁን በኪሎ መጻፍ ሲገባችሁ በፓውንድ ብትጽፉ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ የማይመስል ነገር ይሆንና ወዲያው ትነቃላችሁ። የሚያሳስበኝ ግን ውጤቱ ትክክል መስሎ የሚታይበት ስሕተት ነው። እርሱም በብዛት የሚከሰተው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቀመር በሚባለው ላይ ነው።

ይህን ቀመር ሆጅደን እና ቤኬት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. አወጡት። የሚፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለወንድ ቁመት፣ የአንገት ዙሪያ እና በእምብርት ላይ የሚለካ የወገብ ዙሪያ። ችግሩ ቀመሩ በሁለት መልክ መሰራጨቱ ነው። የመጀመሪያው በኢንች ነው፦

```
86.010*log10(ወገብ-አንገት) - 70.041*log10(ቁመት) + 36.76
```

ሁለተኛው በሴንቲሜትር ነው፦

```
495/(1.0324 - 0.19077*log10(ወገብ-አንገት) + 0.15456*log10(ቁመት)) - 450
```

ብዙ ገጾች ቀመሩን ሲያስቀምጡ አሃዱን አይጽፉም፤ ወይም ከታች በትንሽ ፊደል ይጽፉታል። ስለዚህ አሃዱን ከቁጥሮቹ መለየት ልመዱ። 86.010 እና 36.76 ካያችሁ ኢንች ነው፤ 495 እና 1.0324 ካያችሁ ሴንቲሜትር ነው።

አንድ ሰው ቁመቱ 175፣ ወገቡ 88፣ አንገቱ 38 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ከወገብ አንገት ሲቀነስ 50 ይቀራል። 50ን ለ2.54 ስናካፍል 19.685 ኢንች፣ 175ን ስናካፍል 68.898 ኢንች እናገኛለን። እነዚህን በኢንቹ ቀመር ውስጥ ስናስገባ 111.31 ሲቀነስ 128.75 ሲደመር 36.76 ይሆንና ውጤቱ 19.3 በመቶ ነው። 50 እና 175ን ሳንለውጥ በሴንቲሜትሩ ቀመር ብናሰላ ደግሞ 19.2 በመቶ ይወጣል። ሁለቱ የተቀራረቡት ከአንድ ጥናት የወጡ ስለሆኑ ነው።

አሁን ያው ሰው ሳያስተውል 50 እና 175ን በኢንቹ ቀመር ውስጥ አስገባ እንበል። 25.8 በመቶ ይወጣለታል። ይህ ቁጥር ማንንም አያስደነግጥም፤ ብዙ ወንዶች በእውነት ያላቸው መጠን ነውና። በተቃራኒው ኢንቹን በሴንቲሜትሩ ቀመር ውስጥ ቢያስገባ 12.8 ይወጣል፤ ያም ደስ የሚል፣ ሊሆን የሚችል ቁጥር ነው። ያው አካል በአንዱ ገጽ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ሆኖ ይታያል።

ቁጥሩ ይህን ያህል አሳማኝ የሚሆንበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማችኋል። ሴንቲሜትር ማለት ኢንች በ2.54 ሲባዛ ነው። በሎጋሪዝም ውስጥ ማባዛት ወደ መደመር ይለወጣል፤ የ2.54 ሎጋሪዝም ደግሞ 0.4048 ነው። ስለዚህ በወገቡ በኩል 86.010 በ0.4048 ተባዝቶ ይደመራል፤ በቁመቱ በኩል 70.041 በ0.4048 ተባዝቶ ይቀነሳል። ሁለቱ አብዛኛውን እርስ በርስ ያጠፋፉና የሚቀረው 6.5 ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ 6.5 የሰውየው ቁመትም ሆነ ወገብ ምንም ይሁን አይለወጥም። ቀመሩ ራሱ አሃዱ ትክክል ሆኖም ከእውነተኛው መጠን ከ3 እስከ 4 ነጥብ ያህል ሊርቅ ይችላል፤ ስሕተቱ ከዚያም ይበልጣል ማለት ነው።

በሴቶች ቀመር ላይ ነገሩ ይቀላል። እዚያ ወገብና ዳሌ ተደምረው አንገት ይቀነሳል፤ የሎጋሪዝሞቹ ማባዣዎችም 163.205 እና 97.684 ናቸው። ልዩነታቸው ሰፊ ስለሆነ ሴንቲሜትር ሲገባ ስሕተቱ 26.5 ነጥብ ይደርሳል። ቁመቷ 163፣ ወገቧ 76፣ ዳሌዋ 100፣ አንገቷ 33 ሴንቲሜትር የሆነች ሴት ትክክለኛ ውጤቷ 30.8 በመቶ ሲሆን በስሕተት 57.3 ይወጣል። ይህን አይታ የምታልፍ አትኖርም። ሳይታወቅ የሚያልፈው የወንዶቹ ነው።

አለዋወጡን በተመለከተ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ነው፤ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስምምነት የተወሰነ እንጂ የተጠጋጋ ቁጥር አይደለም። መጠጋጋቱ የሚጎዳው በእናንተ እጅ ሲመጣ ነው። 88 ሴንቲሜትርን 35 ኢንች፣ 38ን 15 ኢንች ብላችሁ ብታጠጋጉ ልዩነቱ ከ19.685 ወደ 20 ያድግና ውጤቱ በ0.6 ነጥብ ከፍ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ በሴንቲሜትር ቀንሱ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ለ2.54 አካፍሉ፣ ማጠጋጋቱን ለመጨረሻው መልስ ተዉት።

ቁመት በጫማ ሲጠየቅ ሌላ ወጥመድ አለ። 5 ጫማ ከ10 ኢንች ማለት 70 ኢንች ነው። ይህን 5.10 ብሎ ጽፎ በ12 የሚያባዛ ሰው ግን 61.2 ኢንች ያገኛል፤ አንድ ጫማ 12 ኢንች እንጂ 10 ኢንች አይደለምና። በዚህ ብቻ የስብ መጠኑ በ4 ነጥብ ያህል ከፍ ይላል። ጫማውን በ12 አባዙ፣ ኢንቹን ደምሩ፣ ነጥብ አትጠቀሙ።

ወደ ክብደት ስንመጣ፣ የባሕር ኃይሉ ቀመር ክብደት አይጠይቅም። ዋይ ኤም ሲ ኤ የሚባለው ግን ይጠይቃል፤ ለወንድ ወገብን በኢንች በ4.15 አባዝቶ፣ ክብደትን በፓውንድ በ0.082 አባዝቶ ይቀንስና በመጨረሻ 98.42 ይቀንሳል፤ የቀረው ለክብደቱ በፓውንድ ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ያ 98.42 ራሱ ፓውንድ ነው። ስለዚህ በኪሎ አስልቶ መጨረሻ ላይ በ2.2 በማባዛት ማስተካከል አይቻልም፤ መለወጥ የሚገባው ከመጀመሪያው ነው። 78 ኪሎ ለ0.45359237 ሲካፈል 172 ፓውንድ ያህል ነው። ያ ወገቡ 88 ሴንቲሜትር የሆነው ሰው ይህን ያህል ቢመዝን 18.2 በመቶ ይወጣለታል፤ በ78 ካሰላ ግን 50.0። ማካፈልና ማባዛቱ ከተምታታባችሁ ይህን ያዙ፤ የፓውንዱ ቁጥር ሁልጊዜ ከኪሎው ይበልጣል፣ የኢንቹ ቁጥር ሁልጊዜ ከሴንቲሜትሩ ያንሳል።

በማስታወሻችሁ ላይ የመቶኛውን ውጤት ብቻ አትጻፉ። በሜትር የለካችሁትን ሴንቲሜትር፣ አጠገቡም የተጠቀማችሁበትን ቀመር ጻፉ። ለወራት በኢንቹ ቀመር ውስጥ ሴንቲሜትር ስታስገቡ የቆያችሁ ወንዶች እንደገና መለካት አያስፈልጋችሁም፤ ከእያንዳንዱ የድሮ ውጤት 6.5 ቀንሱ። ከወር ወደ ወር ያያችሁት ለውጥም ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ በሁሉም ላይ እኩል ነውና። ገጽ በቀየራችሁበት ሳምንት ስድስት ነጥብ ተኩል ያህል የወረደ ውጤት ካያችሁ ግን የቀነሰው ስብ ሳይሆን አሃዱ ነው።