ድመቱ ከአሸዋው ውጪ መሽናት ጀመረ፣ በሽታ ነው ወይስ ጭንቀት?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነህ? ድመታችን ስሙ ቡኒ ነው፣ የተኮላሸ ወንድ፣ 4 ዓመቱ፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ሳፋው ላይ ካለው አሸዋ ውጪ ሸንቶ አያውቅም ነበር። ዘመዶቻችን ከገጠር መጥተው ሳሎን መተኛት ከጀመሩ ወዲህ ግን ሻወር ቤት ሴራሚኩ ላይ አንዴ ደግሞ ፍራሽ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ አሸዋው ላይም ይወጣል ይገባል። ባለቤቴ ተናዶ ነው ይላል፣ እኔ አሞክሳሲሊን ልስጠው እንዴ ብያለሁ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ እህቴ አሞክሳሲሊኑን ለጊዜው አስቀምጪውና ዛሬውኑ አንድ ነገር እዪልኝ፣ ሲቀመጥ ሽንት እየወጣው ነው ወይስ እያማጠ ምንም የለም? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ነው፣ እብጠት ወይም ንፍጥና ጠጠር የመሰለ ነገር ተጠራቅሞ ሊደፍነው ይችላል። ሙክት የሚያደልብ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ እህል የበዛበት ሙክት ሽንቱ ተዘግቶ ሲያምጥ አይቶ ያውቃልና፣ ወንድ ድመትም ላይ የሚሆነው ከዛ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ድመት ዝም ብሎ ይደበቃል፣ ሰውም ሆድ ድርቀት ነው ብሎ ዘይት ሲያጠጣው ጊዜ ያልፋል።

ከተዘጋ ምልክቱ እንዲህ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይቀመጣል ግን አሸዋው ደረቅ ነው፣ ብልቱን ያለማቋረጥ ይልሳል፣ ሲያምጥ ይጮሃል፣ ሆዱን ስትነኪው ይቆጣል፣ ቆይቶ ምግብ ይተውና ያስታውካል፣ ይፈዛል። ሽንቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ኩላሊቱ ይቆማል፣ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይጨምርና ልብን ያቆማል፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይሞታል። ስለዚ ግማሽ ቀን ሙሉ ጠብታ ካላየሽ ይነጋል ብለሽ አትጠብቂ፣ ማታም ቢሆን የእንስሳት ክሊኒክ ደውይ። ሆዱን ጨምቀሽ ለማስወጣት እንዳትሞክሪ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። ፓራሲታሞል ደግሞ በጭራሽ፣ አንድ ፍሬ እንኳን ድመትን ይገድላል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም መርዝ ናቸው።

እሺ እየወጣው ነው እንበል፣ አንቺ ጠብ ጠብ ስላልሽ እንደዛ ይመስለኛል። ከዛ በኋላ የት እና ምን ያህል እንደሸና ብዙ ይነግረናል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ሴራሚክ ያለ ቀዝቃዛና ለስላሳ ቦታ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፊኛው ተቆጥቷል ማለት ነው፣ አሸዋው ላይ ሲቀመጥ እያመመው ሳፋውን ከህመሙ ጋር አያይዞት ሌላ ቦታ ይሞክራል። ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት ሴራሚኩ ላይ ብታደርጊ ሮዝ ሊሆን ይችላል፣ ደም ነው። ሽንቱ ብዙ ቢሆንና ውሃም አብዝቶ ቢጠጣ ግን ኩላሊት ወይም ስኳር ነበር የምጠረጥረው፣ ያውም በዕድሜ የገፋ ድመት ላይ። ቆሞ ጭራውን እያንቀጠቀጠ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ያ ተራ መሽናት ሳይሆን በሽንት ምልክት መተው ነው፣ ያልተኮላሸ ወንድ ላይ ነው የሚበዛው። ቡኒ ግን ከነዚህ ሁለቱ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ተናዶ ነው ማለቱ ልክ አይደለም፣ ድመት ሊበቀልሽ ብሎ ፍራሽ ላይ አይሸናም፣ ግን እንግዶቹን ማንሳቱ ልክ ነው። ሰው በሽታ ነው ወይስ ጭንቀት ብሎ ሁለት ሳጥን ውስጥ ይከፍለዋል፣ የቡኒ ዕድሜ ላይ ያለ ድመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ነው። ጭንቀቱ በነርቭና በሆርሞን በኩል ፊኛውን ያስቆጣዋል፣ የውስጡ ሽፋን ይሳሳል፣ ሽንቱ ራሱ ያቃጥለዋል፣ ባክቴሪያ የለም ግን ቁስሉና ህመሙ እውነተኛ ነው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነቶኒ ቡፊንግተን ቡድን በ2011 ያወጣው ጥናት አለ፣ የድመቶቹን የምግብ ሰዓትና ተንከባካቢ ሲቀያይሩባቸው ጤነኞቹም ሳይቀሩ ማስታወክ፣ ምግብ መተውና ከሳፋ ውጪ መሽናት አሳይተዋል። ሳሎኑ በሰው የተሞላበት ቡኒ ታዲያ ምን ይገርማል።

አሞክሳሲሊኑን ተይው ያልኩሽም ለዚህ ነው። ከ10 ዓመት በታች ባለ ድመት የባክቴሪያ የፊኛ ኢንፌክሽን ብርቅ ነው። ይሄኛው ቁጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳምንት ገደማ ራሱ ይበርዳል፣ ሰውየው መድሃኒት ሰጥቶ ከሆነ መድሃኒቱ አዳነው ይላል፣ በሚቀጥለው ሲመለስም እንደገና እሱኑ ይገዛል፣ እንዲህ እየተባለ ስንቱ ድመት አንቲባዮቲክ በልቷል መሰለሽ። ይልቅ ሽንቱን አስመርምሪ። ሴራሚኩ ላይ እንደሸና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ምጠጪው፣ ወይም ሳፋውን በውሃ ብቻ አጥበሽ ባዶውን አስቀምጪለት፣ ንፁህ ብልቃጥ ውስጥ አድርገሽ በሰዓታት ውስጥ አድርሺው። ሐኪሙ ደም፣ ስኳር፣ የሽንቱን ውፍረትና ጠጠር ይኖር እንደሆነ ያያል። ህመም ማስታገሻም ለድመት የሚሆነውን እሱ ያዝልሻል፣ ማስታገሻ ራሱ ግማሽ ህክምና ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ እንግዶቹን አስወጪ አልልሽም፣ ለቡኒ ግን ማንም የማይገባበት አንድ ክፍል ስጪው፣ መኝታ ቤታችሁ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከፍ ያለ መቀመጫና መደበቂያ ካርቶን ይኑርበት። እዛው ሁለተኛ ሳፋ ጨምሪ፣ አሸዋው የለመደው ዓይነት ይሁን፣ ሽታ ያለው ነገር አታድርጊበት፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽንና ሰው ከሚመላለስበት ይራቅ፣ በየቀኑ ይጠረግ። የምግብ ሰዓቱ በፊት እንደነበረው ይሁን። ሽንቱ እንዲቀጥን ውሃ መጨመር አለበት፣ ድመት በጠጣ ብለሽ በልመና አይጠጣም፣ ስለዚ ደረቅ ምግቡን በውሃ አርሺው ወይም ጨውና ሽንኩርት የሌለው የስጋ መረቅ ጨምሪበት። ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻል፣ ከወጥ ላይ የተረፈውን እንዳትሰጪው።

የሸናበትን በበረኪና አትጠቢው፣ ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ለናንተም ጥሩ አይደለም። በሳሙና አጥበሽ በደንብ አለቅልቂው፣ ከዛ አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ ጥረጊው፣ ፍራሹንም ፀሐይ ላይ አውጪው። አፍንጫውን እዛ ላይ መጫን፣ መምታት የሚባለውን ነገር ልጆቹም እንዳያደርጉት ንገሪያቸው፣ ያው ጭንቀት መጨመር ነው።

በሳምንት ውስጥ ካልተሻለው ወይም ተሽሎት ከተመለሰበት አልትራሳውንድ ወይም ራጅ ያስፈልገዋል፣ ጠጠር በሽንት ምርመራ ብቻ ሁሌ አይታይም። አንዳንዱ ጠጠር በምግብ ብቻ ይሟሟል፣ አንዳንዱ ግን በኦፕራሲዮን ካልሆነ አይወጣም። አዲስ አበባ ያለው ክሊኒክ ይሄን ካላደረገልሽ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋ ጠይቂ። እስከዛ ግን በየጠዋቱ አሸዋው ውስጥ ስንት እርጥብ ቦታ እንዳለና ትልቅ ይሁን ትንሽ ስልክሽ ላይ መዝግቢልኝ፣ ጤነኛ ድመት በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይሸናል፣ እርጥቡ እያነሰ ማማጡ እየበዛ ከሄደ በዛው ቀን ክሊኒክ ውሰጂው።