ፍርድ ቤቱ ስለ ግፍተራው ጠየቀ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ አሸንዳው

«ጎረቤቴ በሰው ፊት ሰድቦ ገፈተረኝ። አልተጎዳሁም፣ ግን በጣም ተናድጃለሁ። ልክሰሰው ወይስ በሽማግሌ ይለቅ? ጅማ ውስጥ የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።»

እህቴ፣ እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ያውም ከአንድ ሰው ጋር።

ሰፈራችን ሄርማታ ነው። የጎረቤታችን አሸንዳ ውሃውን የሚያፈሰው እኛ ግቢ ነበር። ኅዳር ላይ ሳይታሰብ ዝናብ ጣለና እናቴ በረንዳ ላይ ያሰጣችውን ቡና ጠርጎ ወሰደው። ልናገረው ስወጣ ሰደበኝ፣ ገፈተረኝ፣ ጭቃ ላይ ወደቅኩ። በማግስቱ አመለከትኩ።

ቀጠሮው አራት ጊዜ ተቀየረ። ምስክሮቼ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁለቱ «ከእሱም ጋር ነው የምንኖረው» ብለው ቀሩ። ዳኛዋ የጠየቁት ሰድቧል ወይ፣ ገፍትሯል ወይ ብቻ ነው። አልፈርድባቸውም፣ ክሱ እሱ ነበር። መቀጮ ተፈረደበት፣ ገንዘቡ ለመንግሥት ገባ። ከዚያ ወዲህ እጁን አላነሳብኝም፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አሸንዳው ግን ባለበት ቀረ። ክረምት ሲመጣ ውሃው ቤት ገባ።

ያኔ የእድራችን ሽማግሌዎች መጡ። የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ። ገና ቁጭ እንዳልን «በሉ ለእኛ ስትሉ ታረቁ» ተባልን። የሆዴን ሳልናገር ጉንጩን ስሜ ወጣሁ፣ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አንዱ አባት ፊቴን አይተው ኖሯል። በሳምንቱ ለየብቻ አነጋገሩን። እሱን «ጥፋትህን ካላመንክ አንቀመጥም» አሉት። አመነ።

የተቀመጥነው እኛ ቤት ነው። እናቴ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን ምልክት በእጇ አሳየችው። ዝም ብሎ አየ። ከዚያ ቆርቆሮ መግዣ አጥቶ እንደነበር፣ በሰው ፊት ስጮህበት እንዳፈረ ተናገረ። ስምምነቱ ተጻፈ፦ በ10 ቀን ውስጥ አሸንዳውን ወደ መንገዱ ቦይ ሊያዞር፣ የቡናውን ሊከፍል፣ ስድቡን የሰሙ ሴቶች ባሉበት ይቅርታ ሊጠይቅ። በአሥረኛው ቀን እኚያ ሽማግሌ አባት ራሳቸው መጥተው አሸንዳውን አዩ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ስድብና ቀላል ግፍተራ የሚያስከስሰው አንቺ ስታመለክቺ ነው። ማመልከቻውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቅሽ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ «ዛሬ፣ ነገ» ሲልሽ ቀኑ እንዳያልፍብሽ። ካመለከትሽ በኋላም መታረቅ ትችያለሽ። ሰውየው ከካደ ወይም እየዛተብሽ ከሆነ ግን ሽምግልና አትቀመጪ፤ አንቺኑ ዝም ማሰኛ ይሆናል።

ለመሆኑ የተጣላችሁበት ነገር ምንድን ነው? ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ያንን ነገር ይስሙ።