ፈቃዳችሁ አልቆ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ሲቀር

ውድ ወጣት የሥራ ባልደረቦቼ፣

ለብዙ ዓመታት ሠራተኞችን በኃላፊነት ስመራ፣ ውጭ አገር ሄደው በረራ የዘገየባቸው ሰዎች የላኩልኝ መልእክቶች በቁጥር ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ በአንድ መስመር ያለቁ ነበሩ፤ «በረራ ዘግይቶብኛል፣ ስደርስ አሳውቃለሁ» የሚሉ። እንዲህ የጻፈውን ሰው አልወቅሰውም፤ እኔም በወጣትነቴ ከዚህ የባሰ ጽፌያለሁና። ሆኖም መልእክቱ የሚደርሰው ኃላፊ በዚያች ሰዓት የሚፈልገው ሰኞ የእናንተን ሥራ ለማን እንደሚሰጥና እስከ መቼ እንደሚሰጥ ማወቅ ነው፤ አንዷ መስመር ደግሞ ለሁለቱም መልስ አትሰጥም።

የራሴን ስህተት አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፈቃዴ እሑድ ያልቅ ነበር፤ የምሳፈረውም ቅዳሜ ማታ ሆኖ በሌላ ከተማ አውሮፕላን ቀይሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ እገባ ነበር። አውሮፕላን ጣቢያ ስደርስ በረራው ሁለት ሰዓት እንደሚዘገይ ተነገረን። ወዲያውኑ ለአለቃዬ «ትንሽ ዘግይቷል፣ ሰኞ እገባለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ሰዓታት አምስት ሆኑ፤ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ደግሞ በረራው ለጠዋት ተዛወረ። «ማክሰኞ እገባለሁ» ብዬ ደገምኩ። የመሸጋገሪያው በረራ አምልጦኝ በሚቀጥለው ላይ ቦታ ስላልነበረ ለሦስተኛ ጊዜ «ረቡዕ» ብዬ ላክሁ። አለቃዬን ያስቆጣው የሁለት ቀን መቅረቴ አልነበረም፤ ሥራዬን ለሌላ ሰው ለመስጠት በተዘጋጀ ቁጥር የእኔ አዲስ ቃል እየመጣ ስላስቆመው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት፣ የመጀመሪያውን የመዘግየት ማስታወቂያ ወደ መመለሻ ቀን አለመቀየርን ነው። በሰሌዳው ላይ የሚታየው አዲስ ሰዓት ግምት ነው፤ ግምቱ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ግን በመጠኑ ማወቅ ይቻላል። የምትሳፈሩበት አውሮፕላን ገና ከሌላ ከተማ ያልደረሰ ከሆነ፣ እሱ መሬት እስኪነካ ድረስ የተነገረው ሰዓት ሊገፋ ይችላል። አውሮፕላኑ ቢደርስም አብራሪዎችና አስተናጋጆች በተከታታይ ሊሠሩ የሚችሉት ሰዓት በሕግ የተገደበ በመሆኑ፣ መዘግየቱ እየተራዘመ ገደቡን ካለፈ ተተኪ ቡድን እስኪገኝ ወይም የመጀመሪያው ቡድን እስኪያርፍ መጠበቅ የግድ ይሆናል። ማታ የተጀመረ መዘግየት ብዙ ጊዜ ወደ ማግስቱ የሚሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በመግቢያው በር ላይ ያለውን ሠራተኛ «መቼ እንነሳለን?» ብላችሁ ከመጠየቅ ይልቅ «አውሮፕላኑ ደርሷል ወይ?» ብትሉት የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

ሌላው ለመመለሻ ቀናችሁ ወሳኝ የሆነው የቲኬቱ አቆራረጥ ነው። ሁለቱም በረራዎች በአንድ ቲኬት የተያዙ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ወደ መጨረሻው መዳረሻ የሚያደርስ ሌላ ቦታ መፈለግ በመሠረቱ የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ርካሽ ሆኖ ስላገኛችሁት ለየብቻ የቆረጣችሁት ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ እንደቀረ ተሳፋሪ ሊቆጥራችሁ ይችላል፤ አዲስ ቲኬት በራሳችሁ ገንዘብ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ቦታ ማግኘቱን ሳያረጋግጥ ለአለቃው ቀን መስጠት የለበትም።

እንግዲህ ቀኑ እስኪታወቅ ዝም ይባላል ማለቴ አይደለም። ችግሩ እንደተፈጠረ አጭር ማስጠንቀቂያ ላኩ፤ ሰኞ መድረሳችሁ አጠራጣሪ መሆኑንና ቁርጡን በስንት ሰዓት እንደምታሳውቁ ብቻ ይናገር። ሰዓቱን ስትጽፉ በአለቃችሁ አገር አቆጣጠር ይሁን። አዲሱ ቲኬት በእጃችሁ ሲገባ ፈቃዳችሁ እንዲራዘም የምትጠይቁበትን ዋናውን መልእክት ጻፉ። በእኔ ጉዳይ ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማታ የነበረኝ በረራ ወደ እሑድ ጠዋት በመዛወሩ የመሸጋገሪያው በረራ አምልጦኛል። አየር መንገዱ በሰጠኝ አዲስ ቲኬት መሠረት የምደርሰው ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዴ በሁለት የሥራ ቀናት፣ ማለትም ሰኞና ማክሰኞ፣ እንዲራዘምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ። ሰኞ የሚቀርበው የክፍያ ማጠቃለያ በክፍሉ የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የቀረው የሁለት አቅራቢዎችን ደረሰኝ ማመሳከር ብቻ ነው። ቀሪ የፈቃድ ቀን ከሌለኝ ያለ ክፍያ ቢያዝልኝ እስማማለሁ። አዲሱን ቲኬት አያይዣለሁ፤ ሰኞ ማታ እንደተሳፈርኩ በድጋሚ እጽፍልዎታለሁ።»

ማክሰኞ ንጋት የሚደርስ ሰው ለምን ረቡዕ ይላል ትሉ ይሆናል። ሌሊቱን አውሮፕላን ውስጥ ያሳለፈ ሰው፣ ሻንጣው ሊዘገይ፣ በረራው ዳግም ሊገፋ ይችላል፤ ሁለተኛ ማራዘሚያ ከመጠየቅ በመጀመሪያው ላይ አንድ ቀን መጨመር ለኃላፊውም ይቀልለዋል። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ በደህና ከገባችሁ መምጣት ትችላላችሁ፤ ያን ግን አስቀድማችሁ ቃል አትግቡ። ደግሞም ልብ በሉ፤ መልእክቱ «ይራዘምልኝ» ይላል እንጂ «አራዝሜአለሁ» አይልም። ፈቃዱን የሚሰጠው ኃላፊው ነው፤ መምጣት እንደማትችሉ እሱም ቢያውቅ፣ ቀኑ ከዓመት ፈቃድ ይታሰብ ወይስ ያለ ክፍያ የሚለውን የመወሰን ሥልጣኑን በአንድ ግስ መንጠቅ አያስፈልግም።

ስለ ሥራ ርክክቡም ልጨምር፤ አንዳንዱ ሠራተኛ የቀረውን ሥራ በሩቅ ሆኖ ማብራራት ይከብደዋልና። በእናንተ እጅ ብቻ ያለ ሰነድ ወይም የይለፍ ቃል ካለ፣ ፈቃድ ከመውጣታችሁ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት የሚተካችሁ ሰው የሚያገኝበትን መንገድ ማበጀት እንጂ ከአውሮፕላን ጣቢያ በስልክ መላክ አይገባም።

አየር ማረፊያውን ሳትለቁ በአየር መንገዱ ጠረጴዛ ላይ የበረራው ቁጥር፣ ቀኑና የመዘግየቱ ሁኔታ የሰፈረበት የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁ። አንዳንዶቹ እዚያው ያትሙታል፣ ሌሎቹ በኢሜይል ይልካሉ። የሰሌዳ ፎቶ የሚልኩልኝ ነበሩ፤ ፎቶው በረራ መዘግየቱን ያሳያል፣ እናንተ በዚያ በረራ ላይ እንደነበራችሁ ግን አያሳይም። ስለዚህ የመሳፈሪያ ወረቀታችሁን ከማረጋገጫው ጋር አስቀምጡ።

ረቡዕ ስትገቡ አለቃችሁ በስልክ «እሺ» ማለቱን አምናችሁ አትቀመጡ። የሁለቱን ቀናት የፈቃድ ቅጽ ሞልታችሁ፣ ማረጋገጫውን አያይዛችሁ፣ በእሱ አስፈርማችሁ ለሰው ኃይል ክፍል አስገቡ፤ የወሩ ደመወዝ የሚሠራው በሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ካለው መዝገብ ነውና፣ እዚያ ላይ ሰኞና ማክሰኞ አሁንም ያለ ፈቃድ የቀራችሁባቸው ቀናት ናቸው።