እባብ ሲሄድ ምላሱን ለምን ያወጣል?

«ጅማ፣ ቡና ማሳችን ውስጥ እባብ አየሁ። እየሄደ ምላሱን ደጋግሞ ያወጣል። ሊነድፈኝ ነው?»

አይደለም፣ እያሸተተ ነው። በምላሱ አይነድፍም፤ የሚነድፈው በጥርሱ ነው።

ምላሱ ከአየርና ከመሬት የሽታ ቅንጣት ይለቅማል። ወደ አፉ ሲመልሰው ቅንጣቱ ላንቃው ላይ ወዳለው የጃኮብሰን አካል ይደርሳል። ሽታውን የሚለየው እሱ ነው። ለዚህ አፉን መክፈት እንኳ አያስፈልገውም፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ክፍተት ያሾልከዋል።

የምላሱ ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀው አቅጣጫ ለመለየት ነው። አይጥ በቅጠሉ ላይ አልፋለች እንበል። የቀኙ ጫፍ ሽታዋን አግኝቶ የግራው ካጣው፣ እባቡ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሁለቱም እኩል ካገኙ ቀጥ ብሎ ይከተላታል። በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሽታው ስለሚለዋወጥ ደጋግሞ መቅመስ አለበት። እፉኝትም ነድፎ የለቀቃትን አይጥ ፈልጎ የሚያገኛት በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ምላሱን አለማውጣቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። እፉኝት የረገፈ ቅጠል ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይተኛል፤ መልኩም ከቅጠሉ አይለይም። እኔ ከቡናው ሥር የወደቀ ፍሬ ስለቅም ቅጠሉን በረጅም ዱላ ሳልገላልጥ እጄን አልሰድም። ካየኸው ደግሞ አትነካካው፣ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ራቅ።