ቀብድ ከመላክህ በፊት ፎቶውን እንዲህ ፈትሸው

«ሰላም ቤተሰብ። ቴሌግራም ላይ የሚከራይ ኮንዶሚኒየም አግኝቼ ደላላው ቀብድ ላክ እያለኝ ነው። ፎቶዎቹ ግን አላማሩኝም። ፎቶን ራሱን በጉግል መፈለግ ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዴት ነው የሚደረገው? ጀማሪ ነኝ።»

ወንድሜ፣ ብሩን እንዳትልክ። እኔ ይህን ትምህርት በ25,000 ብር ነው የገዛሁት፤ አንተ በነጻ ውሰደው።

የምኖረው ሻርጃ ነው። ለእናቴ ሰሚት አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ስፈልግ አንዱ ደላላ ነኝ ባይ ሦስት ፎቶ ላከልኝ፤ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ወጥ ቤት። ወጥ ቤቱ ነጭ በነጭ፣ ዓይን የሚይዝ። «እህቴ፣ ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ መንገድ ላይ ነው» አለኝ። አንተንም እንደዚያ ብሎህ ይሆናል፤ ሁሉም አንድ ዘፈን ነው የሚዘፍኑት።

እኔም ዝም ብዬ አልላክሁም፤ ፎቶውን ጉግል ላይ ፈልጌዋለሁ። ያ ፎቶ የትም አልተገኘም። «እንግዲያው ንጹሕ ነው» ብዬ ላክሁ። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው፤ አለመገኘቱን እንደ ማረጋገጫ ቆጠርኩት። አሁን በተራ ልንገርህ።

1. ስክሪንሾት አንስተህ አትፈልግ። እኔ ያስገባሁት ስክሪንሾት ላይ የስልኬ ሰዓትና ባትሪ፣ ከታች ደግሞ በቀይ የተጻፈ «በአስቸኳይ የሚከራይ» እና የደላላው ቁጥር ነበረበት። ጉግል ያንን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያየው፤ ያመጣልኝም ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ማስታወቂያ ሁሉ ነው። አንተ ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ክፈትና ከላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክተህ Save to Gallery በለው። ከዚያ የጉግልን መተግበሪያ ከፍተህ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ያለችውን የካሜራ ምልክት ንካና ፎቶውን ከጋለሪ ምረጥ። ፎቶው ላይ ጥግ ጥጉን ይዘህ የምትጎትተው ክፈፍ ታገኛለህ። ጽሑፉንና ስልክ ቁጥሩን ከክፈፉ አውጣቸው፣ ክፍሉ ብቻ ይቅር። ግን አታጥብበው፤ ፍሪጁን ብቻ ካስቀረህለት የፍሪጅ ሻጮችን ሰብስቦ ያመጣልሃል።

2. የመጣው ሁሉ ያንተ ፎቶ አይደለም። ጉግል መጀመሪያ የሚደረድርልህ የሚመሳሰለውን ነው፤ ነጭ ወጥ ቤት በዓለም ላይ ስንት አለ! Exact matches የሚለውን ንካው፤ ያ ነው ያንኑ ፎቶ የያዙትን ገጾች የሚያወጣልህ። ያም ሆኖ በዓይንህ አመሳክር። አንድ ዓይነት ቁምሳጥን ሁለት ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የመጋረጃው እጥፋትና የወንበሩ ጥላ ግን ሁለት ቤት ውስጥ ልክ አንድ ዓይነት አይሆንም።

3. ምንም ካልመጣ ገልብጠው። ይህን ያሳየኝ አሥረኛ ክፍል የሆነ የእህቴ ልጅ ነው (እኔ ስልክ የገዛሁለት ልጅ፣ እኔኑ አስተማረኝ)። እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ሰሚት ደርሳ «የተባለው ብሎክ ላይ እንዲህ ያለ የሚከራይ ቤት የለም» ከተባለች በኋላ ማታ ፎቶውን ላክሁለት። ትንሽ ቆይቶ ደወለና «አክስቴ፣ ፍሪጁ ላይ ያለውን ስም አንብቢው» አለኝ። አጉልቼ ሳየው ፊደሎቹ ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው። ሌባው ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጦት ኖሯል፤ የተገለበጠን ፎቶ መፈለጊያዎቹ ብዙ ጊዜ ይስቱታል። በጋለሪው ማስተካከያ ወደ ግራና ቀኝ መልሰን ገለበጥነውና እንደገና ፈለግነው። ወዲያው መጣ።

የመጣው የት እንደሆነ ታውቃለህ? ዱባይ! ከምሠራበት ቤት በአውቶቡስ የምደርስበት ሰፈር ያለ፣ በ2021 የወጣ የኪራይ ማስታወቂያ። ገጹን ከፍተን ስናየው ስምንት ፎቶ አለው። ሰውዬው ሦስቱን ብቻ መርጦ ነው የላከልኝ። አራተኛው ላይ በሳሎኑ መስኮት ባሕር ይታያል። ሰሚት ላይ ባሕር! ለምን እንደደበቀው ያኔ ገባኝ። ስለዚህ ምንጩን ስታገኝ ርዕሱን ብቻ አይተህ አትመለስ፤ ገጹን ክፈትና የቀሩትን ፎቶዎች ተመልከት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ሶኬቱ ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ ጎኑ ላይ የራሱ ማጥፊያ ያለው ነው። እዚህ ሁሉም ቤት ያለው እሱ ነው፤ በቀን ሃያ ጊዜ የምነካው ዕቃ ነው። አገር ቤት የለመድነው ክብ ሁለት ቀዳዳ ያለው እንደሆነ እያወቅሁ አላየሁትም። አንተ አሁኑኑ ፎቶህን አጉላና ሶኬቱን እየው። ያንን ለማየት ጉግልም አያስፈልግህም።

4. ቀኑን ለማወቅ tineye.com ግባና ፎቶውን አስገባ። የሚመሳሰል አያመጣም፣ ያንኑ ፎቶ ራሱን ነው የሚፈልገው፤ ተቆርጦም ሆነ ቀለሙ ተቀይሮ ሊያገኘው ይችላል። ውጤቱን Oldest በሚለው ደርድረው። ከጎኑ የሚጽፈው ቀን ግን እሱ ፎቶውን መጀመሪያ ያገኘበት ቀን እንጂ ፎቶው የተነሳበት ወይም የተለጠፈበት አይደለም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። ትክክለኛውን ቀን ከገጹ ላይ ፈልግ። «ከፎቶው ፋይል ውስጥ ቀንና ቦታውን አውጣ» የሚሉህ አሉ፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ከሆነ ያ መረጃ መንገድ ላይ ይራገፋል፣ አትልፋ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ፎቶው ከሌላ የቴሌግራም ቻናል ወይም ከተዘጋ የፌስቡክ ቡድን የተሰረቀ ከሆነ ምንም ብትገለብጠው ላይገኝ ይችላል። መፈለጊያዎቹ እዚያ ውስጥ እምብዛም አይገቡም። እውነተኛ የሰሚት ቤት ፎቶ ሰርቆ የሚያከራይም ሞልቷል።

የኔን መጨረሻ ከጠየቅህ፣ አገር ቤት ያለው ወንድሜ ባንክ ሲሄድ «ገንዘቡ ወጥቷል፣ የፖሊስ ደብዳቤ አምጣ» አሉት። ፖሊስ ጋ ሲሄድ ደግሞ መዝጋቢው ብዕሩን አስቀምጦ «ፎቶ አይታ ነው የላከችው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከብሩ በላይ አቃጠለኝ። ግን የዱባዩን ገጽና የሰውዬውን መልእክት ከነቀኑ ጎን ለጎን አሳትሜ ነበር የላክሁት፤ ያንን ሲያይ ሳቁን ትቶ መዘገበ። ስለዚህ አንተም ያገኘኸውን ገጽ ሊንኩንና ስክሪንሾቱን አስቀምጥ፤ ለማስረጃ ሲሆን ስክሪንሾት ያገለግላል። ብሬ እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን ለሰውዬህ አንድ መልእክት ጻፍለት፦ «በሳሎኑ መስኮት ወደ ውጭ የሚያሳይ ፎቶ አሁን አንሳና ላክልኝ።» የኔው ይህን ስጠይቀው ብሎክ አድርጎኛል። ያንተ ምን እንዳለህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የወጥ ቤቱንም ፎቶ ስልክ ቁጥሩን ቆርጠህ ለጥፈው፣ ማታ ከሥራ ስወጣ እኔም እፈልግልሃለሁ።