ፓኬቱን በግማሽ ሊትር አትበጥብጪው

«ልጄ 1 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ይዟታል። ኦአርኤስ ስሰጣት ወዲያው ታስመልሰዋለች። ቶሎ እንዲጠቅማት አንዱን ፓኬት በግማሽ ሊትር ብበጠብጠው ችግር አለው?»

አዎ እህቴ፣ ፓኬቱ የ1 ሊትር ከሆነ ችግር አለው። በጥብጠሽው ከሆነ ድፊውና አዲስ በጥብጪ። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ለዚህ ነው በእርግጠኝነት የምነግርሽ።

የመጀመሪያ ልጄን ተቅማጥ የያዘው በአንድ ዓመት ተኩሉ ነበር። እጄ ላይ የነበረው ጠርሙስ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ነው። ወፈር ቢል ይበልጥ ያበረታዋል ብዬ አንድ ሙሉ ፓኬት ገለበጥኩበት። ልጁ ጠጣው። ግን ጥሙ አልቆረጠለትም፣ ጭራሽ ባሰበት። ይነጫነጫል፣ ኩባያውን ይቀማኛል፣ ተቅማጡም ጨመረ። ማታ ጤና ጣቢያ ስወስደው ነርሷ ገና ከመቀመጤ «በስንት ውሃ ነው የበጠበጥሽው?» አለችኝ። ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

ኋላ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። ኦአርኤሱ ውስጥ ያለው ስኳር ለማጣፈጫ የገባ አይደለም። አንጀት ጨውንና ስኳርን አንድ ላይ ነው የሚያስገባው፣ ውሃው እነሱን ተከትሎ ይገባል። በተቅማጥ በተጎዳ አንጀት ውስጥ እንኳ ይህ መንገድ ይሠራል። ፈሳሹ ሲወፍር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፣ ልጁም የበለጠ ይደርቃል። ጨው ደም ውስጥ ይበዛል፣ ይህ ደግሞ ትንሽ ልጅን እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ከወፈረው ብዙ ጠጥታ ከሆነና ጥሟ አልበርድ ካለ፣ ወይም እየደነዘዘች ከመጣች ቤት አትቆዪ፣ ይዘሻት ሂጂ።

አበጣጠሩ ቀላል ነው፣ ልኩ ላይ ብቻ አትቀልጂ። መጀመሪያ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። የተለመደው 20.5 ግራም ያለው ፓኬት ለ1 ሊትር ነው። ለግማሽ ሊትርና ለ200 ሚሊ ሊትር የሚሆኑ ትንንሽ ፓኬቶችም ስላሉ ሳታነቢ አትጀምሪ። እጅሽን ታጠቢ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ለኪ። የሊትር ዕቃ ከሌለሽ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ሙሉ አድርገሽ ጆግ ውስጥ ገልብጪ። ከዚያ ዱቄቱን በሙሉ ጨምረሽ እስኪሟሟ አማስዪ። ፓኬቱን በግምት ለሁለት አትክፈዪው፣ ጨውና ስኳሩ እኩል ላይከፈል ይችላል። ከበጠበጥሽው በኋላ አታፍዪው። ስኳር፣ ጁስ ወይም ወተት አትጨምሪበት። ቅመሺው፣ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ማለት የለበትም። ክደኚው፣ 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው።

አሁን ወደ ማስመለሱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከኦአርኤሱ ሳይሆን ከአሰጣጡ ነው። የጠማው ልጅ ኩባያውን ካገኘ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፣ ሆዱ ደግሞ በአንዴ ስለሚሞላ መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ ኩባያውን ደብቂና የሻይ ማንኪያ ያዢ። መርፌው የተነቀለ ንጹሕ ሲሪንጅም ይሆናል፣ በጉንጯ በኩል ቀስ አድርገሽ ትለቂላታለሽ። ጡጦ ግን ተዪው።

የዚያን ቀን ማታ ልጄ 10 ኪሎ ነበር። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ይነጫነጫል፣ ውሃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል። ነርሷ «ፈሳሽ አንሶታል፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር መጠጣት አለበት» አለች። ለእሱ 750 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሰማይ ሆነብኝ። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብለን ስናሰላው ግን 150 ማንኪያ ሆነ። በየደቂቃ ተኩሉ አንድ ማንኪያ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ሰዓት እያየሁ ጀመርኩ።

ስድስተኛው ማንኪያ ላይ አስመለሰ። በቃ አልያዘለትም ብዬ ማንኪያውን ላስቀምጥ ስል ነርሷ ከለከለችኝ። «10 ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ጀምሪ» አለች። ስጀምር በየ3 ደቂቃው አንድ ማንኪያ አደረግኩት። ግማሽ ሰዓት ሳያስመልስ ሲቆይ ወደ 2 ደቂቃ አወረድኩ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ፍጥነት ተመለስኩ። አንድ ጊዜ እንደገና አስመልሷል፣ እንደገና 10 ደቂቃ ጠበቅን። ያስመለሰው የጠጣውን ሁሉ ይመስልሻል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከፊሉ ውስጥ ይቀራል። ወደ መጨረሻው ሽንቱን ሸና። ሲያለቅስ እንባው ወረደ። ያን እንባ ሳይ እኔም አብሬው አለቀስኩ፣ ልደብቅሽ አልችልም።

ይህ የ4 ሰዓቱ ስሌት ፈሳሽ ላነሰው ልጅ ነው። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ከተነጫነጨች፣ ሲሰጧት በጉጉት ከጠጣች፣ ወይም የሆዷን ቆዳ ቆንጥጠሽ ስትለቂው ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ ጤና ባለሙያ እያያት ቢሰጣት ይሻላል። እየሄድሽም ቢሆን በማንኪያ ስጫት። እንዲህ ዓይነት ምልክት ከሌላት ግን ቤት ትችዪዋለሽ። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው። በማንኪያ ከ10 እስከ 20 ይሆናል።

አንድ ያስገረመኝ ነገር ልንገርሽ። ፈሳሽ ያነሰው ልጅ ኦአርኤስን ይወደዋል፣ ፈሳሹ ሲሞላለት ደግሞ ጨው ጨው ይለውና ይገፋዋል። ስለዚህ ልጅሽ እየተጫወተች፣ ዳይፐሯም በሽንት እየራሰ «እንቢ» ካለች ያን ያህል አትጨነቂ። የዓይኗ ቆብ ካበጠ ደግሞ በዝቶባታልና ኦአርኤሱን አቁመሽ ጡትና ንጹሕ ውሃ ስጫት። የምትጠባ ከሆነ ጡቱን በምንም ምክንያት አታቋርጪ። ምግብም ትንሽ ትንሽ እያልሽ ቶሎ ቶሎ ስጫት።

ተቅማጡ ግን ዛሬውኑ አይቆምም። ኦአርኤስ የወጣውን ይተካል እንጂ ተቅማጥ አያቆምም። እኔ በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብዬ ላቆመው ነበር።

የጠጣችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ መጠጣት ካቃታት፣ ከደከመችና ለመንቃት ካስቸገረች፣ ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ ወይም ትኩሳት ከያዛት እስኪነጋ አትጠብቂ። ተቅማጡ 3 ቀን አልፎት ካልተሻላትም ውሰጃት።

ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ዚንክ ጠይቂያቸው። በእሷ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። እንክብሉ ማንኪያ ላይ በትንሽ ንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የጡት ወተት ይሟሟል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩን እስከ መጨረሻው ጨርሺው።